የመጥበሻ ዘይት ዕድሜ የሚለካው በቀን ነው ወይስ በድስቱ ስፋት?

ጥያቄ፦ «ደሴ ውስጥ ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ጠብሼ እሸጣለሁ። 6 ሊትር የሚረጋ ዘይት ድስት ላይ አደርግና ሲቀንስ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል እጨምርበታለሁ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አልደፋውም። ሰሞኑን አረፋ እየሠራ ነው፣ ጢሱም ዓይኔንና ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል። አንድ ደንበኛዬ ካንሰር ያመጣል አለኝ። እውነት ነው? ስንት ጊዜ ልጠቀምበት? ለመጥበሻ የትኛው ዘይት ይሻላል፣ ለቤት ሰላጣስ?»

እህቴ፣ አረፋውና የሚያቃጥለው ጢስ አብረው ከመጡ፣ አሁን ድስቱ ላይ ያለው ዘይት አልቆለታል። በላዩ አዲስ ዘይት አይጨምሩበት፤ ለቤት ወጥ ማቁላያም አያውሉት። በእኛ አገር ብዙ ቤት የመጥበሻ ትራፊ ለሽሮና ለቀይ ወጥ ቁሌት ይተርፋል፤ እንዲህ ያለው ዘይት ግን በሽንኩርትና በበርበሬ ሽታው ቢሸፈንም በውስጡ የተፈጠረው ነገር አይጠፋም። በደሴ ብርድ የሚረጋ ዘይት አድሮ ይጠጥራልና፣ ከረጋ በኋላ በማንኪያ ጠርገው ወደ ቆሻሻ ማስወገጃ ያስገቡት ወይም ሳሙና ለሚሠሩ ሰዎች ይስጡት እንጂ ወደ ፍሳሽ ቦይ አይድፉት፤ ቱቦው ውስጥም ያው ይረጋልና።

ቀጥሎ የምጽፍልዎ ዘይቱ ለምን እዚህ ደረጃ እንደደረሰና የሚቀጥለው እንዳይደርስ ምን ማድረግ እንደሚቻል ነው። መፍትሔው በአብዛኛው በእጅዎ ያለ ነገር ስለሆነ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ዘይት ማለት ሦስት የስብ አሲዶች ግሊሰሮል ከሚባል አንድ ግንድ ጋር ተያይዘው የተሠሩት ነገር ነው። ሳምቡሳው ትኩስ ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚሰሙት የመንጨርጨር ድምፅ ከሊጡና ከውስጡ ምስር የሚወጣው ውኃ በእንፋሎት ሲያመልጥ ነው። ይህ ውኃ በሙቀቱ ኃይል የስብ አሲዶቹን ከግንዳቸው ይገነጥላቸዋል። የተገነጠሉት ነፃ የስብ አሲዶች በራሳቸው ብዙ መርዛማ ባይሆኑም ዘይቱ የሚጤስበትን ሙቀት ዝቅ ያደርጉታል። አዲስ የተጣራ የሚረጋ ዘይት ከ220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይጤስም፤ ነፃ አሲዱ ሲበዛበት ግን በተለመደው የመጥበሻ ሙቀት፣ በ180 ዲግሪ አካባቢ መጤስ ይጀምራል። በዚያው እሳትና በዚያው ድስት እየሠሩ ድሮ ያልነበረ ጢስ የመጣብዎት ለዚህ ነው። ግሊሰሮሉ ደግሞ በሙቀት ሲፈርስ አክሮሊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፤ ዓይንዎንና ጉሮሮዎን የሚቆጠቁጠው በአብዛኛው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ጥቃት ከአየር ይመጣል። ኦክስጅን ከዘይቱ ጋር ሲገናኝ ፐርኦክሳይድ የሚባሉ ያልረጉ ውህዶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም ብዙ ሳይቆዩ ተሰብረው አልዲሃይድ ወደሚባሉ ነገሮች ይለወጣሉ። ከአልዲሃይዶቹ ብዙ የተጠናው ሃይድሮክሲኖኔናል ይባላል፤ ሊኖሌይክ ከተባለው የስብ አሲድ የሚወለድ ሲሆን ከሰውነታችን ፕሮቲኖች ጋር የመጣበቅ ጠባይ አለው። ሊኖሌይክ የሚለውን ስም ይያዙልኝ፤ ኑግና ሱፍ ዘይት ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ሦስተኛው ደግሞ የተጎዱት የዘይት ቅንጣቶች እርስ በርስ መቆላለፋቸው ነው። ሁለትና ሦስት እየሆኑ ሲያያዙ ዘይቱ ይወፍራል፣ ከጭልፋው ላይ እንደ ማር ዝግ ብሎ ይወርዳል፣ በድስቱ ጠርዝ ላይም በብረት ሽቦ ካልሆነ የማይለቅ ቡናማ ሙጫ ይጋገራል። አረፋውም ከዚህ ይመጣል። ጤናማ ዘይት ውስጥ የሚታየው አረፋ ትልልቅና ጥርት ያለ ሲሆን ሳምቡሳው ሲወጣ ወዲያው ይጠፋል። ያለቀለት ዘይት አረፋ ግን እንደ ሳሙና አረፋ ደቃቅና ቢጫ ነው፤ ምግቡ ከወጣ በኋላም ዘይቱን ሸፍኖ ይቆያል።

እነዚህ ሦስት ለውጦች የሚያመጧቸውን ውህዶች በአንድነት «ፖላር ውህዶች» ብለን እንለካቸዋለን። አዲስ ዘይት ውስጥ ከመቶው ጥቂት እጅ ብቻ ናቸው። ጀርመን ከ24 በመቶ፣ ፈረንሳይና ስፔን ደግሞ ከ25 በመቶ ያለፈውን የመጥበሻ ዘይት ለምግብ አይሆንም ይላሉ። እኔም በሥራዬ የምይዘው መስመር ይኸው ነው። በቁጥሩ ላይ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ግን የዘይቱ መበላሸት እየፈጠነ ስለሚሄድ መስመሩ የተሰመረው እዚያ ነው።

ደንበኛዎ ስላነሡት ካንሰር ሲሆን፣ ጥያቄው ሁለት ተለያይተው መታየት ያለባቸው ነገሮችን ይዟል። አንደኛው የሚተነፍሱት ጢስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በከፍተኛ ሙቀት ከመጥበስ የሚወጣውን ጢስ በሰው ላይ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ከሆነው ምድብ አስገብቶታል። ለዚህ ያበቃው ማስረጃ በከፊል የመጣው አየር በማይዘዋወርበት ማድቤት ውስጥ ለረጅም ዓመታት በሞቀ ዘይት ሲጠብሱ ከኖሩ፣ ሲጋራም ከማያጨሱ የቻይና ሴቶች ነው። ስለዚህ ደንበኛዎ አንድ ሳምቡሳ በልተው ከሚሄዱት ይልቅ ከድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው በየቀኑ ሦስትና አራት ሰዓት የሚቆሙት እርስዎ የበለጠ ተጋላጭ ነዎት። ይህን የምለው ላስፈራዎት ሳይሆን፣ ዘይት ስለመለወጥ ሲነሣ ሁሉም ስለ ገዢው ሲያወራ የጠባሿ ሳንባ እየተረሳ ስላስቸገረኝ ነው። በደሴ ብርድ ምክንያት በሩን ዘግተው ወይም በላስቲክ ከልለው የሚሠሩ ከሆነ፣ ከድስቱ በላይ ጢሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑር፤ ነፋሱም ከጀርባዎ እንዲመጣ አድርገው ይቁሙ።

ሁለተኛው የሚበላው ዘይት ነው። በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ በጣም የተጎዳ ዘይት በብዛት ሲሰጥ ጉበትን እንደሚያውክና የደም ሥርን እንደሚጎዳ ታይቷል። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ የዚያን ያህል የጠነከረ አይደለም፤ ስለዚህ «ካንሰር ያመጣል» ብሎ በእርግጠኝነት መናገር ከሚታወቀው አልፎ መሄድ ነው። ነገር ግን ያለቀለት ዘይት ስለሚወፍር ከምግቡ ላይ አይንጠባጠብም፣ ሳምቡሳውም የበለጠ ይጠጣዋል። ማለትም ዘይቱ በከፋ ቁጥር ደንበኛው የሚበላው መጠንም አብሮ ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው የዘይት እድፍ ሰፍቶ ካዩ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ስንት ጊዜ» ብለው የጠየቁት በቁጥር የሚመለስ አይደለም፤ ዘይቱን የሚያስረጀው የጊዜ ቁጥር ሳይሆን እሳት ላይ የቆየበት ሰዓትና ከምግቡ ጋር እየወጣ በአዲስ የሚተካበት ፍጥነት ነው። ትልቅ ሬስቶራንት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጠበስበት ዘይት አንዳንዴ ከቤት ዘይት ተሽሎ የሚገኘው ለዚህ ነው፤ ብዙ ምግብ ብዙ ዘይት ይዞ ይወጣል፣ በምትኩም ብዙ አዲስ ዘይት ይገባል።

የእርስዎን ድስት በዚህ ዓይን እንየው። 6 ሊትር ይይዛል፣ በቀን ግማሽ ሊትር ይጨመርበታል። ለስሌት እንዲመቸን አዲሱ ዘይት 4 በመቶ ፖላር ውህድ አለው እንበል፤ በአንድ ቀን ጥብሻ ደግሞ በድስቱ ያለው ዘይት 3 በመቶ ይጨምራል እንበል። ቁጥሮቹ የግምት ናቸው፣ መንገዱ ግን እውነተኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ ዘይቱ 7 በመቶ ይሆናል። ግማሹ ሊትር ከሳምቡሳው ጋር ስለወጣና በአዲስ ስለተተካ ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ 6.75 ይመለሳል። በሁለተኛው ቀን ከዚያ ተነሥቶ ሦስት ይወጣል፣ ትንሽ ይወርዳል። በየቀኑ እንዲህ ሲደምሩ በ10ኛው ቀን ማታ 25 በመቶ አካባቢ ይደርሳሉ። እርስዎ የሚደፉት በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከሆነ፣ የመጨረሻዎቹን አራት ቀናት የጠበሱት ባለቀለት ዘይት ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ያንኑ ያህል ሳምቡሳ በ3 ሊትር ዘይት ቢጠብሱትስ? የሚወጣውም የሚጨመረውም ያው ግማሽ ሊትር ነው፤ አሁን ግን ግማሽ ሊትሩ የድስቱ ስድስተኛ እጅ ሆኗል። ስሌቱን በዚሁ መንገድ ቢቀጥሉት ቁጥሩ እየቀረበ ይሄዳል እንጂ ከ22 በመቶ አይዘልም። ምንም ያህል ቀን ቢቆጥሩ መስመሩን አይሻገርም። አንድም ብር ሳይጨምሩ፣ እንዲያውም በመጀመሪያ የሚያፈሱት ዘይት በግማሽ ቀንሶ፣ ድስቱን በማሳነስ ብቻ የተገኘ ለውጥ ነው። ለዚህ ነው ዘይት ስለመቆጠብ ሲያስቡ ሰፊ ድስት መሙላት ተቃራኒውን የሚያመጣው፤ ሰፊ ድስት አየር የሚነካውን ፊትም ያሰፋል።

ሆኖም ይህ ስሌት የማያስተውላቸው ነገሮች አሉ። በትንሽ ዘይት ውስጥ ያንኑ ያህል ምግብ ሲገባ ለአንዱ ሊትር የሚደርሰው ውኃና ፍርፋሪ ይበዛል፤ ስለዚህ በየቀኑ የሚጨምረው ከ3 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። በመሆኑም ዘይቱ ዘላለማዊ ነው ብለው አይቁጠሩ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ድስቱን አጥበው ሙሉውን ይለውጡ። በአንድ ጊዜ የሚያስገቡትም ከዘይቱ ክብደት ስምንተኛ እጅ አካባቢ ይሁን። ለ3 ሊትር ዘይት ይህ ሰባት የሚያህል መካከለኛ ሳምቡሳ ነው። ከዚያ ካለፈ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ሊጡም ከመጠበስ ይልቅ ዘይት ይጠጣል።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። መጨመር የሚጠቅም ከሆነ ያለቀለትን ዘይትስ በአዲስ መበረዝ ለምን አይቻልም የሚል ይኖራል። 28 በመቶ ከደረሰ 6 ሊትር ላይ 2 ሊትር ቀድተው በአዲስ ቢተኩት ቁጥሩ ወደ 20 ይወርዳል፤ እስከዚህ ልክ ነው። ነገር ግን አሮጌው ዘይት ውስጥ ያሉት ፐርኦክሳይዶችና ነፃ አሲዶች አዲሱን ዘይት እንደ እርሾ ያነሣሡታል፣ ስለዚህ ተመልሶ የሚወጣው መጀመሪያ ከወጣበት በፈጠነ ጊዜ ነው። መጨመር የሚሠራው መስመሩ ሳይደርስ በየቀኑ ሲደረግ ነው፤ ካለፈ በኋላ አዲሱን ማባከን ነው። ድንች ቁራጭ፣ ሽንኩርት ወይም ዳቦ ጠብሶ «ማጽዳት»ም እንዲሁ ሽታ ይቀንስ እንደሆነ እንጂ ፖላር ውህድን ከዘይት አያወጣም።

ዘይቱን ቀድመው የሚያስረጁ የቤት ልማዶች ጥቂት ናቸው፣ ግን ይከብዳሉ። ከሁሉ በላይ ዱቄት ነው። የሳምቡሳ ሽፋን እንዳይጣበቅ በብዛት የሚነሰነሰው ዱቄት ወደ ዘይቱ ወርዶ ድስቱ ሥር ይቃጠላል፣ ያጠቁረውማል። ከማስገባትዎ በፊት ሽፋኑን በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ያድርጉት። ማታ ዘይቱ ለብ ሲል፣ የሚረጋው ሳይጠጥር፣ በታጠበና ፈጽሞ በደረቀ አቡጀዲ አጥልለው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ጨለማ ቦታ ያሳድሩት። ከዚያም የቦንቦሊኖው ስኳርና ወተት ዘይቱን ቶሎ ስለሚያጠቁረው፣ በአንድ ድስት የሚሠሩ ከሆነ መጀመሪያ ሳምቡሳውን፣ ቀጥሎ ቦንቦሊኖውን ይጥበሱ። ጠዋት ለሻይ ሰዓት ቦንቦሊኖ፣ ከሰዓት በኋላ ሳምቡሳ የሚሉ ከሆነ ደግሞ በመካከል ያለውን ሰዓት ዘይቱ እሳት ላይ ሆኖ አይጠብቅዎ። ምግብ ሳይገባበት የሞቀ ዘይት የሚተካው አዲስ ዘይት ሳይኖር ያረጃል። በረመዳን ይህ በጣም ይታያል፤ ደሴም ኮምቦልቻም ከ9 ሰዓት ጀምሮ ድስት ተጥዶ፣ ግፊያው ግን የሚጀምረው ማግሪብ ሊደርስ ሲል ነው። ከሰሉን ዘግየት ብለው ማቀጣጠል ከማንኛውም ማጣሪያ ይሻላል።

ድስቱን በተመለከተ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። እኛ «ብረት ድስት» ስንል ብዙ ጊዜ አሉሚኒየሙን ነው፤ እርሱ በዚህ ረገድ ችግር የለበትም። የዛገ ብረትና መዳብ ወይም ነሐስ ግን የዘይቱን ከአየር መዋሐድ እጅግ ያፋጥናሉ። ድስቱ ዝገት ካለው፣ ጭልፋው ነሐስ ከሆነ ይለውጧቸው። ጨውም ዘይቱ ላይ አይነስንሱ፤ ከወጣ በኋላ ይጨመር።

የደሴን ከፍታ ሳላነሣ ባልፍ ይጎድላል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠ ውኃ እዚያ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ ከተሞች በ100 ነው። ይህ ዘይቱን ባይመለከትም ምግቡን ይመለከታል። የቦንቦሊኖው ሆድ የሚበስለው በውስጡ ባለው እርጥበት ሙቀት ስለሆነ፣ ያ እርጥበት ከ92 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ውጪው እየጠቆረ ይሄዳል። ውጪው ጠይሞ ውስጡ ሊጥ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው፤ ጠባሹም እሳቱን በመጨመር ሊያስተካክለው ይሞክራል፣ ነገሩም ይብሳል። በከፍታ ቦታ የመጥበሻውን ሙቀት ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ በዝቅተኛ ቦታ 180 ዲግሪ የሚባለው በደሴ ወደ 165 ይውረድ። ይህ ዘይቱንም ያድነዋል፤ ሙቀት በጨመረ ቁጥር መበላሸቱ ይፋጠናልና። ቴርሞሜትር ከተገኘ እስከ 250 ዲግሪ የሚያነብ የምግብ ቴርሞሜትር ይግዙ፤ የትኩሳት መለኪያው አይሆንም። ካልተገኘ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ሊጥ ይጣሉበት። ወርዳ ጥቂት ቆይታ ዙሪያዋን አረፋ እየሠራች ቀስ ብላ ከተነሣች ደርሷል፤ ገና ስትነካው ዘላ ወጥታ ከጠቆረች ድስቱን ከከሰሉ ያንሡት። ዘይቱ እስኪጤስ መጠበቅ ግን የመድረስ ምልክት አይደለም፤ ጤሰ ማለት አለፈ ማለት ነው።

ቀለሙንም በዚሁ መጠን ይያዙልኝ። ወርቃማ ሲሆን አውጡት፤ ቡናማ አይጠብቁ። ስታርች ያለበት ምግብ ከ120 ዲግሪ በላይ ሲጠበስ አክሪላማይድ የሚባል ውህድ ይፈጠርበታል፤ የስዊድን ተመራማሪዎች በ2002 በምግብ ውስጥ ያገኙት ነው። ከዘይቱ ሳይሆን ከምግቡ የሚወለድ ስለሆነ ዘይቱን በየቀኑ ቢለውጡም አይቀርም፤ በሊጥም በድንች ችፕስም ውስጥ እየጠየመ ሲሄድ ይበዛል። የሚቀንሰው ሙቀቱን ዝቅ በማድረግና ቀለሙ ሳይጠይም በማውጣት ነው።

ስለ ዘይት ምርጫ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የሚጤስበትን ሙቀት ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው የሊኖሌይክ መጠኑን ነው። አየር በቀላሉ የሚያጠቃው እርሱን ነውና። በኑግ ዘይት ውስጥ ከመቶው 70 የሚሆነው፣ በተለመደው የሱፍ አበባ ዘይት ደግሞ ወደ 60 የሚጠጋው ሊኖሌይክ ነው። የሚረጋው ዘይት ከመቶው 10 ያህል ብቻ አለው። ስለዚህ በአንድ ድስት ተደጋግሞ ለሚጠበስ ሥራ የሚረጋው ዘይት ከሱፍ አበባው ይጸናል፤ አልዲሃይዱም በእርሱ ውስጥ ዘግይቶ ይመጣል። በዚህ ምርጫዎ አልተሳሳቱም።

በገበያ ላይ የሚወራው ግን ሌላ ነው፤ «የሚረጋ ዘይት በደም ሥር ውስጥ ይረጋል» ይባላል። እንደዚያ አይረጋም፤ ሰውነታችን 37 ዲግሪ ነው፣ ስቡም ተፈጭቶና ተለውጦ ነው ወደ ደም የሚገባው። ወሬው ግን ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም። የሚረጋው ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ የሚባለው ስብ ስለሆነ፣ በየቀኑ በብዛት የሚበላው ሰው መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርግበታል። አንድ ዘይት ድስት ላይ ስለጸና ብቻ ለልብ ይስማማል ማለት አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ ሁለቱ የሚጋጩበት ጊዜ ይበዛል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ኦሌይክ የሚባለው ስብ የበዛበት ዘይት ነው። በማሸጊያው ላይ ኦሌይክ ከፍተኛ የሆነበት የሱፍ አበባ ዘይት የሚል ካገኙና ዋጋው ከተስማማዎ ለመጥበሻ ከሁሉም እርሱን አስቀድማለሁ። የለውዝ ዘይትም ደህና ነው፤ ለውዝ የማይስማማው ደንበኛ ሊኖር ስለሚችል ግን ይንገሩ።

በሁለቱ መካከል ያሉት ለቤት ይሆናሉ። የተለመደውን የሱፍ አበባ ዘይት ለአንድ ጊዜ ጥብሻና ለወጥ ቁሌት ያለ ሥጋት ይጠቀሙበት፤ በየቀኑ እየሞቀ ለሚያድር ድስት ግን አይሁን። ከመጭመቂያ ቤት ያልተጣራ የሚቀዳው የኑግ ዘይት ደግሞ ለመጥበሻ ፈጽሞ አልመክረውም፤ ሊኖሌይኩ ከመብዛቱ ሌላ፣ ያልወጣለት እርጥበትና ዝቃጭ ስላለው ገና በመጀመሪያው ቀን ይገነፍላል፣ አረፋውም ያለቀለት ዘይት ስላስመሰለው ምልክቱን ያሳስትዎታል። ሐይቅ ዳር ዓሣ ለሚጠብሱም እዚሁ ላይ ልበል፦ የዓሣው ስብ ከሁሉም ይልቅ አየር የሚያጠቃው ስለሆነ ወደ ዘይቱ ሲወጣ ያበላሸዋል፤ ዓሣ የተጠበሰበትን ዘይት ለሳምቡሳ አያሳልፉት።

ለሰላጣ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። እሳት ከሌለ ሊኖሌይክ ጠላት መሆኑ ቀርቶ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችለው፣ ከምግብ የሚፈልገው ስብ ይሆናል። ኑጉ፣ ሱፍ አበባው፣ ሰሊጡ ቦታቸው እዚህ ነው። የሚረጋው ዘይት ግን በደሴ ብርድ ቲማቲሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይጋገራል፣ ምላስ ላይም ሰም ይመስላል፤ ጥቅሙም ለሰላጣ የለም። ለአዚፋና ለድንች ሰላጣ ንጹሕ የኑግ ዘይት ጣዕሙ ይስማማል፣ ለጥሬ ቅጠልና ለቲማቲም ደግሞ ጣዕሙ ለስለስ ያለው ሱፍ አበባ። የተልባ ዘይት የሚያገኙ ከሆነ በፍጹም እሳት አያሳዩት። ከግማሽ በላይ የሆነው ስቡ ሊኖሌኒክ የሚባል፣ ከሊኖሌይክም ይልቅ በቀላሉ የሚፈርስ ነው፤ ሰላጣው ከቀረበ በኋላ አንድ ማንኪያ ጠብ ማድረግ ይበቃዋል። የወይራ ዘይትም በሰላጣ ላይ መልካም ነው፣ ይሁንና ከሩቅ ለመጣ ዘይት የሚከፈለውን ያህል ከኑጉ ይበልጣል አልልም።

የሰላጣ ዘይት ጠላቱ ብርሃንና ጊዜ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በሱቅ በር ፀሐይ ላይ ተቀምጦ በሊትር ሲቀዳ ካዩ፣ ርካሽ ቢሆንም ለሰላጣ አይግዙት፤ ለወጥ ቢሆን እንኳ አልደፍረውም። በወር የምትጨርሱትን ያህል ብቻ በጥቁር ወይም በተሸፈነ ጠርሙስ፣ ከምድጃ ርቆ ያስቀምጡ፤ አሮጌው ሳያልቅ አዲሱን በላዩ አያንቆርቁሩበት፣ የጠርሙሱ ቅሪት አዲሱን ቶሎ ያስረጀዋልና። መጥፎ መሆኑን ለማወቅ አንድ ጠብታ መዳፍዎ ላይ አድርገው በሌላው እጅ አሹትና አሽትቱት። ትኩስ ኑግ የኑጉን ፍሬ ይሸታል። የቀለም ቅብ ወይም የከረመ ለውዝ የሚሸት ከሆነ፣ ጉሮሮም ሲነካ ቁጥቁጥ ካለ፣ ዘይቱ ድስት ላይ ሳይወጣ በጠርሙሱ ውስጥ ተበላሽቷል፤ ለመጥበሻም ለሰላጣም አይሆንም።